ዝቅተኛ ዋጋ ወይስ የተመዘነ መስፈርት? የጨረታ ነጥብ አሰጣጥ በሳንጃ የውኃ ፓምፕ ምሳሌ

የመንግሥት ግዥን በሚመለከት ከተገልጋዮች የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው «አነስተኛ ዋጋ ያቀረበ ተጫራች እያለ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበው ለምን አሸነፈ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በርካሽ የተገዛው መሣሪያ ዓመት ሳይሞላው ለምን ቆመ?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የሚቃረኑ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ነው። ሁለቱም የሚጠይቁት የጨረታ አሸናፊ በምን ሚዛን እንደሚለይ ነው።

ይህ ጽሑፍ አሸናፊን በዋጋ ብቻ ከመለየት ይልቅ ክብደት በተሰጣቸው መስፈርቶች የመለየት አሠራር በተግባር ምን እንደሚመስል ያብራራል። ለማብራሪያነት የተመረጠው በሳንጃ አካባቢ ለአንድ የገጠር ቀበሌ የሚገዛ የውኃ ፓምፕ ነው። በምሳሌው ውስጥ ያሉት ተጫራቾችና አኀዞች ስሌቱን ለማሳየት የቀረቡ እንጂ የተፈጸመ ግዥ መረጃዎች አይደሉም።

ሕጉ የሚያውቃቸው ሁለት መንገዶች

በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ሥራ ላይ የቆየው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 አሸናፊን ለመለየት ሁለት መንገዶችን አስቀምጦ ነበር። በመጀመሪያው መንገድ የጨረታ ሰነዱን የቴክኒክ መስፈርት ካሟሉት ተጫራቾች መካከል ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ይመረጣል። በሁለተኛው መንገድ የሚመረጠው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስቀድመው በተገለጹ መስፈርቶች ተመዝኖ የተሻለ የኢኮኖሚ ጠቀሜታ ያስገኘው ተጫራች ነው። አዋጁ ለሁለተኛው መንገድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። መስፈርቶቹ በተቻለ መጠን ከግል አስተያየት ነጻና በቁጥር ሊለኩ የሚችሉ መሆን አለባቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም አንጻራዊ ክብደት መሰጠት ወይም ሲቻል በገንዘብ መተመን ይኖርበታል።

ይህን አዋጅ በአሁኑ ጊዜ የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ነው። የክልል መንግሥታት የየራሳቸው የግዥ ሕግና መመሪያ ስላላቸው በሳንጃ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚፈጽመው ግዥ የሚመራው በአማራ ክልል ሕግ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃም አሠራሩ እየሰፋ ነው። የዓለም ባንክ በሚደግፋቸው ፕሮጀክቶች ውስጥ ለሚካሄዱ አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ጨረታዎች እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ ነጥብ የሚሰጣቸው የጥራት መስፈርቶች እንዲካተቱ አስገዳጅ አድርጓል።

የሳንጃ ፓምፕ ጉዳይ

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መስመር የምትገኝ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ሞቃታማ ቆላ ሲሆን ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። በእርሻ ወቅት ከደጋው በርካታ የቀን ሠራተኞች ወደዚህ ቆላ ስለሚወርዱ የውኃ ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ በርካታ የገጠር መንገዶች ለተሽከርካሪ አስቸጋሪ ይሆናሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ቀበሌ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣ ፓምፕና እሱን የሚያንቀሳቅስ የናፍጣ ጄኔሬተር ያስፈልገዋል እንበል። ፓምፑን የሚገዛው መሥሪያ ቤት በጀቱን የሚያወጣው አንድ ጊዜ ነው። በገጠር የውኃ አገልግሎት በተለመደው አሠራር ግን የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ የሚሸፍኑት ተጠቃሚዎቹ ናቸው፤ በውኃ ኮሚቴያቸው አማካይነት በየእንስራውና በየጀሪካኑ ከሚከፍሉት ገንዘብ ማለት ነው። ስለዚህ በግዥው ቀን ገንዘብ የሚቆጥበው አካልና በቀጣዮቹ ዓመታት ወጪውን የሚሸከመው አካል የተለያዩ ናቸው። ጨረታው በዋጋ ብቻ ሲዳኝ ይህ ሁለተኛው ወጪ ከግምገማው ሠንጠረዥ ውጭ ይቀራል። በተመዘነ መስፈርት መገምገም የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

ግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት ይህን ተገንዝቦ ሦስት መስፈርቶችን ከነክብደታቸው በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስቀመጠ እንበል፤ ለመግዣ ዋጋ 60 ነጥብ፣ ለነዳጅ ፍጆታ 20 ነጥብ፣ ለጥገና አገልግሎት ፍጥነት 20 ነጥብ። ፓምፑ የሚሰጠው የውኃ መጠን፣ ውኃውን የሚገፋበት ከፍታና ዝቅተኛው የዋስትና ዘመን በነጥብ አይመዘኑም። እነዚህ ማሟላት ግዴታ የሆኑ መስፈርቶች ስለሆኑ ያላሟላ ተጫራች ወደ ነጥብ አሰጣጡ ሳይደርስ ከውድድሩ ይወጣል።

ነጥቡ የሚሰላበት መንገድ

ግዴታዎቹን ያሟሉ ሦስት ተጫራቾች ቀርበዋል። ተጫራች «ሀ» 1,600,000 ብር፣ ተጫራች «ለ» 1,800,000 ብር፣ ተጫራች «ሐ» 2,400,000 ብር ዋጋ አቅርበዋል።

የዋጋ ነጥብ የሚሰላው ዝቅተኛውን ዋጋ ለተጫራቹ ዋጋ በማካፈልና ውጤቱን በ60 በማባዛት ነው። በዚህ መሠረት «ሀ» ሙሉ 60 ነጥብ ያገኛል። «ለ» 1,600,000 ለ1,800,000 ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 53.33 ያገኛል። «ሐ» ደግሞ 40 ያገኛል።

የነዳጅ ነጥብም በተመሳሳይ ቀመር ይሰላል። የ«ሀ» ጄኔሬተር በሰዓት 5 ሊትር ናፍጣ ሲጠቀም የ«ለ» እና የ«ሐ» ጄኔሬተሮች 4 ሊትር ይጠቀማሉ። ስለዚህ «ለ» እና «ሐ» ሙሉ 20 ነጥብ ሲያገኙ «ሀ» 16 ያገኛል። ተጫራቾች ለፍጆታው የሚያቀርቡት ማስረጃ የአምራቹ የቴክኒክ መግለጫ ሲሆን ርክክብ ከመደረጉ በፊት በሙከራ ይረጋገጣል።

የጥገና ነጥብ የሚሰጠው ተጫራቹ ብልሽት ከተነገረው በኋላ ባለሙያውንና መለዋወጫውን ጉድጓዱ ዘንድ ለማድረስ በሚፈጅበት ቀን ልክ ነው። በሰነዱ ውስጥ በ2 ቀን ውስጥ ለሚደርስ 20 ነጥብ፣ በ5 ቀን ውስጥ ለሚደርስ 14 ነጥብ፣ በ10 ቀን ውስጥ ለሚደርስ 5 ነጥብ ተቀምጧል። «ሐ» በ2 ቀን፣ «ለ» በ5 ቀን፣ «ሀ» በ10 ቀን እንደሚደርሱ በማስረጃ አስደግፈው አቅርበዋል።

ድምሩ የሚከተለው ነው።

ተጫራች «ሀ»፦ ዋጋ 60፣ ነዳጅ 16፣ ጥገና 5፤ ድምር 81
ተጫራች «ለ»፦ ዋጋ 53.33፣ ነዳጅ 20፣ ጥገና 14፤ ድምር 87.33
ተጫራች «ሐ»፦ ዋጋ 40፣ ነዳጅ 20፣ ጥገና 20፤ ድምር 80

አሸናፊው «ለ» ነው። ከዚህ ውጤት የሚታየው በተመዘነ መስፈርት መገምገም ውድ ዋጋ ላቀረበ ተጫራች በር የሚከፍት አሠራር አለመሆኑን ነው። እጅግ የተሻለ የጥገና አገልግሎት ያቀረበው «ሐ» ከ«ለ» በ600,000 ብር ስለበለጠ የመጨረሻውን ደረጃ ይዟል። ርካሹ «ሀ»ም በቀሩት ሁለት መስፈርቶች የተሻለ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የሚያሸንፍ ነበር።

ክብደት የሚወስነው ምንድን ነው?

ውጤቱ በተጫራቾቹ ሰነድ ብቻ አልተወሰነም፤ መሥሪያ ቤቱ የመረጠው ክብደትም ወስኖታል። ይህን ለማየት የተጫራቾቹን ሰነድ ሳንነካ ክብደቱን ብቻ እንቀይር። ለዋጋ 80፣ ለነዳጅ 10፣ ለጥገና 10 ነጥብ ቢሰጥ «ሀ» 90.5፣ «ለ» 88.11፣ «ሐ» 73.33 ያገኛሉ። በዚህ ጊዜ አሸናፊው «ሀ» ይሆናል። የቀረበው ዋጋ፣ ጄኔሬተሩና የጥገና አገልግሎቱ ምንም ሳይለወጡ አሸናፊው ተለወጠ ማለት ነው።

ክብደት ከፖስታው መከፈት በፊት ታውቆ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ መጻፍ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋዎቹ ከታወቁ በኋላ ክብደትን የመንካት ሥልጣን ያለው ሰው አሸናፊውን ራሱ ይመርጣል። «ክብደቱ በግምገማ ወቅት በኮሚቴው ይወሰናል» የሚል የጨረታ ሰነድ ከመነሻው ጉድለት ያለበት ነው።

ሌላው ጉዳይ ጥልቀት ያለው ሲሆን በግዥ ባለሙያዎችም ዘንድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ክብደት ማለት የአንድ ነጥብ የገንዘብ ዋጋ ማለት ነው። በምሳሌያችን «ለ» ከ«ሀ» በ200,000 ብር በመብለጡ 6.67 ነጥብ አጥቷል። ይህም በመግዣ ዋጋ በኩል አንድ ነጥብ 30,000 ብር ያህል ያወጣል ማለት ነው።

በነዳጅ በኩል ያለውን ደግሞ እንይ። ጄኔሬተሩ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ በዓመት 2,400 ሰዓት ይሆናል። ለስሌት እንዲያመች አንድ ሊትር ናፍጣን በ100 ብር ብንይዝ የ«ሀ» የዓመት የነዳጅ ወጪ 1,200,000 ብር፣ የ«ለ» 960,000 ብር ነው። ልዩነቱ በዓመት 240,000 ብር፣ በ5 ዓመት 1,200,000 ብር ይሆናል። በመግዣ ዋጋ የታየው የ200,000 ብር ልዩነት ገና በመጀመሪያው ዓመት በነዳጅ ተመልሶ ያልቃል። ሆኖም «ሀ» በዚህ ሁሉ ተጨማሪ ወጪ የተቀነሰበት 4 ነጥብ ብቻ ነው። በነዳጅ በኩል አንድ ነጥብ 300,000 ብር አወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሳያስበው በግዥ ቀን የሚወጣን አንድ ብር ተጠቃሚው በኋላ ለነዳጅ ከሚያወጣው አንድ ብር በአሥር እጥፍ አክብዶታል። ለነዳጅ የተሰጠው 20 ነጥብ ሲታይ በቂ ይመስል ነበር፤ ተመንዝሮ ሲታይ ግን እጅግ አነስተኛ ነው።

መፍትሔው ሕጉ ከክብደት ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሁለተኛው ዘዴ ነው። በገንዘብ ሊተመን የሚችለውን መስፈርት በነጥብ ከመመዘን በገንዘብ ተምኖ ከመግዣው ዋጋ ጋር መደመር ይቻላል። የ5 ዓመት ነዳጅ ሲደመር የ«ሀ» ጠቅላላ ወጪ 7,600,000 ብር፣ የ«ለ» 6,600,000 ብር፣ የ«ሐ» 7,200,000 ብር ይሆናል። በመግዣ ዋጋ የመጀመሪያ የነበረው «ሀ» በጠቅላላ ወጪ የመጨረሻ ሆነ፤ በ800,000 ብር ይበልጠው የነበረው «ሐ» እንኳ ቀደመው። በዚህ ዘዴ ነጥብ የሚቀረው እንደ ጥገና ፍጥነት በብር ለመተመን ለሚያስቸግሩ ጉዳዮች ብቻ ነው። ለስሌቱ የሚያገለግሉት የሥራ ሰዓት፣ የዓመታት ብዛትና የነዳጅ ዋጋ ግን እንደ ክብደቱ ሁሉ በጨረታ ሰነዱ ውስጥ አስቀድመው መገለጽ አለባቸው።

አሠራሩ የሚበላሽባቸው ቦታዎች

በተመዘነ መስፈርት መገምገም ከዋጋ ብቻ ይልቅ ለስሕተትም ለአድልዎም የተጋለጠ ነው። ዝቅተኛ ዋጋን ማንም ሰው ማየት ይችላል፤ ነጥብን ግን ሰው ይሰጠዋል። በተለይ ሦስት ምልክቶች ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው መለኪያ የሌለው መስፈርት ነው። ሰነዱ «ጥራት፦ 20 ነጥብ» ብሎ ጥራቱ በምን እንደሚለካ ካልገለጸ እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል በየራሱ ግምት ነጥብ ይሰጣል። ለምሳሌ ለአንዱ ተጫራች 18፣ ለሌላው 9 የተሰጠበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤው ላይ ማግኘት ካልተቻለ መስፈርቱ ከመነሻው ልኬት አልነበረውም ማለት ነው።

ሁለተኛው ለአንድ ተጫራች ልክ የተሰፋ መስፈርት ነው። በምሳሌያችን የጥገና ነጥብ የተሰጠው በሚደርስበት ቀን እንጂ «ጎንደር ከተማ ቢሮ ያለው» በሚል አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ተጠቃሚው የሚፈልገው ፓምፑ በፍጥነት እንዲጠገን ነው፤ ባለሙያው ከጎንደርም ይምጣ ከባሕር ዳር ለእሱ ለውጥ የለውም። የቢሮ አድራሻ መስፈርት ሲሆን ግን ሥራውን በብቃት ሊሠሩ የሚችሉ ተጫራቾች ያለ በቂ ምክንያት ይገለላሉ። አንድ መስፈርት ከሚፈለገው ውጤት ይልቅ የተጫራቹን ማንነት የሚገልጽ ከሆነ ለምን እንደተቀመጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው በውሉ ውስጥ ያልገባ የተስፋ ቃል ነው። «ለ» በ5 ቀን ውስጥ እንደሚደርስ በመግለጹ 14 ነጥብ አግኝቷል። በ10 ቀን ቢሆን ኖሮ 5 ነጥብ ብቻ አግኝቶ ድምሩ 78.33 ይሆን ነበር፤ ጨረታውንም ያሸንፍ የነበረው «ሀ» ነው። ጨረታውን ያሸነፈው በዚህ ቃል ከሆነ የ5 ቀኑ ገደብ በውሉ ውስጥ መጻፍ፣ ለመዘግየቱም ቅጣት ተቆርጦ መቀመጥ አለበት። ይህ ካልተደረገ ተጫራቾች ነጥብ ለመሰብሰብ ብቻ የማይፈጽሙትን ቃል ይገባሉ፤ መሥሪያ ቤቱም ላልተሰጠው አገልግሎት ተጨማሪ ዋጋ ይከፍላል።

ዋጋ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ

ከላይ የተገለጸው ማለት ሁሉም ግዥ በነጥብ መመዘን አለበት ማለት አይደለም። የጽሕፈት ወረቀት፣ ደረጃው የታወቀ ሲሚንቶ ወይም ተመሳሳይ ዕቃ ሲገዛ አነስተኛውን የጥራት ደረጃ በግልጽ አስቀምጦ ከሚያሟሉት መካከል ዝቅተኛውን ዋጋ መምረጥ ፈጣንና ለቁጥጥርም ቀላል ነው። ከተገዛ በኋላ ነዳጅ፣ ጥገናም ሆነ ባለሙያ የማይጠይቅ ዕቃ የተደበቀ ወጪው አነስተኛ ነው።

መለያው ጥያቄ «ከርክክብ በኋላ በተጫራቾች መካከል በወጪ ወይም በአገልግሎት ከፍተኛ ልዩነት ይኖራልን?» የሚል ነው። ለፓምፕ፣ ለጄኔሬተር፣ ለተሽከርካሪ፣ ለጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ መልሱ አዎን ነው። የማማከር አገልግሎት ደግሞ በሌላው ጫፍ ይገኛል። በዚህ ዓይነቱ ግዥ የሚሸጠው የባለሙያ ዕውቀት ስለሆነ የቴክኒክ ነጥቡ ከዋጋው እንዲበልጥ ማድረግ የተለመደ ነው። እንደ ፓምፕ ላለ ዕቃ ግን ክብደቱ ከሌላ የጨረታ ሰነድ ተገልብጦ መምጣት የለበትም። ከላይ እንደታየው ነጥቦቹን ወደ ብር መልሶ በማስላት መፈተሽ ይኖርበታል።

ተጫራቾችና ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ

ተጫራች የሆነ ሰው የጨረታ ሰነዱን እንደገዛ በመጀመሪያ ማየት ያለበት የግምገማ መስፈርቱን ነው። ክብደቱ ተጽፏል? ነጥቡ የሚሰላበት ቀመር ተገልጿል? ለእያንዳንዱ መስፈርት የሚጠየቀው ማስረጃ ታውቋል? ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ በሰነዱ በተመለከተው የማብራሪያ መጠየቂያ ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው መስፈርቱ አከራካሪ መሆኑን ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ማንሣት ከተሸነፉ በኋላ ከማንሣት ይልቅ ተሰሚነት አለው።

ውጤቱ ከተገለጸ በኋላ ቅሬታ ያለው ተጫራች ያልተመረጠበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽለት ሊጠይቅ ይችላል። ቅሬታው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለግዥ ፈጻሚው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ነው፤ በውሳኔው ካልረካ ወይም በጊዜው ምላሽ ካላገኘ በሕግ ለተቋቋመው አቤቱታ አጣሪ አካል ያቀርባል። የማቅረቢያው ጊዜ በሥራ ቀናት የሚቆጠር አጭር ገደብ ስለሆነ ውጤቱ በደረሰ ዕለት ገደቡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። «ዋጋዬ ዝቅተኛ ነበር» የሚል አቤቱታ ብቻውን አይበቃም። የትኛው መስፈርት፣ በሰነዱ ከተጻፈው በተለየ በምን መልኩ እንደተሰላ ማሳየት አለበት።

ተጫራች ያልሆነው ተገልጋይም ድርሻ አለው። የቀበሌ የውኃ ኮሚቴ ለፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ያለፈው ፓምፕ ስንት ጊዜ እንደቆመና ለጥገና ስንት ቀን እንደጠበቀ በመዝገብ ይዞ ለወረዳው የውኃ ጽሕፈት ቤት ቢያቀርብ የክብደቱ ስሌት የሚመሠረትበትን መረጃ ሰጠ ማለት ነው። ከርክክብ በኋላም ኮሚቴው ሁለት ነገሮችን ማወቅ አለበት፤ አቅራቢው በስንት ቀን ውስጥ ሊደርስ ውል እንደገባና ጄኔሬተሩ በሰዓት ስንት ሊትር እንዲጠቀም እንደተረጋገጠ። ፓምፑ በቆመ ዕለት ቀኑን መዝግቦ ለወረዳው የሚያሳውቅ ኮሚቴ በጨረታው ነጥብ የተሰጠበት ቃል በተግባር እንዲፈጸም ያስገድዳል።